ለሚሚ ፎቶ ምን ብዬ ልጻፍበት?

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ልጄ በመስከረም ኬጂ 1 ትገባለች። አራት ዓመቷ ነው። የመጀመሪያ ቀኗን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ላወጣው አስቤያለሁ፤ ግን ከሥሩ የምጽፈው ነገር ጠፋኝ። አጭርና ለስለስ ያለ እንዲሆን ነው የምፈልገው። ኮርቼባታለሁ፣ ግን ጉራ እንዳይመስልብኝ። ስጽፈው ወይ ግጥም ይሆንብኛል ወይ ጸሎት። የሞከርኩት ይኸውና፦

‹ጊዜው እንዴት ይሮጣል! ትናንት በማህፀኔ የተሸከምኳት፣ ሌሊቱን ሙሉ ያላስተኛችኝ፣ የዓይኔ ብርሃን፣ የቤቴ ድምቀት ልጄ ዛሬ የትምህርትን ደጅ ረገጠች። ልጄ ሆይ፣ ዶክተር ሆነሽ አገርሽንና ወገንሽን አገልግይ፤ እኔ ያላገኘሁትን አንቺ አግኚው። አምላኬ ሆይ፣ ለዚህ ቀን ስላደረስከኝ ተመስገን። እደጊ ተመንደጊልኝ!›

ራሴ ሳነበው የሌላ ሰው ጽሑፍ ይመስለኛል። አባቷ ዱባይ ነው የሚሠራው፤ በስልክ ነው የሚያያት። አማቴ ደግሞ ‹ልጅቷን ዓይን ይበላታል፣ ምን አደባባይ ያወጣታል› ብለው ተቆጥተዋል። ልጅቷማ ምን አለባት? ጫማዋ ከተገዛላት ጀምሮ ማታ ማታ ትራሷ ሥር ሸጉጣ ነው የምትተኛው። ባዶ ኮዳዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ቤት ውስጥ ስትዞር ትውላለች። ምን ብዬ ልጻፍ?

የሚሚ እናት፣ ከአዳማ»

የሚሚ እናት፣ ጤና ይስጥልኝ። እንኳን ለዚህ አበቃሽ።

ካፕሽኑን ጽፈሽዋል እኮ። ሳታውቂው ነው የጻፍሽው። ያቺ ከአማትሽ ቁጣ በኋላ ጣል ያደረግሻት፣ የጫማው ነገር፣ እሷ ናት። ካፕሽን ብለሽ ስትቀመጪ እጅሽ ከበደ፤ ለእኔ ስታወሪ ግን የምታውቂውን ነገር አወራሽ። ብዙ ሰው እንደዚህ ነው። ብዕር ሲይዝ የሰርግ ንግግር ይመጣበታል፣ ለጎረቤት ሲያወራ ግን ልጁ ቁልጭ ብላ ትታያለች።

ለመጽሔት የፎቶ መግለጫ ስጽፍ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ከፎቶ ሥር የምትገባ ሁለት መስመር ማለት ነው። እዚያ ሥራ ላይ ጀማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነገረው አንድ ነገር አለ። ፎቶው ያሳየውን ደግመህ አትጻፍ፣ ፎቶው የማያሳየውን ጻፍ ይባላል። ሰውዬው ሲስቅ እያየሁት «እየሳቀ» ብትለኝ ምን ጨመርክልኝ? ምን አስቆት እንደሆነ ንገረኝ። የሚሚም ፎቶ እንደዚሁ ነው። ዩኒፎርም ለብሳ፣ ቦርሳ አንግታ፣ ፀጉሯን ተሠርታ ስትቆም፣ ትምህርት ቤት ልትሄድ እንደሆነ ማንም ያያል። አንደኛ ቀኗ እንደሆነም የቦርሳው አዲስነትና የሹራቡ እጅጌ መታጠፍ ይናገራል። ጫማው ትራስ ሥር ሲያድር እንደከረመ ግን ከአንቺ በስተቀር የሚያውቅ የለም። የአንቺ ድርሻ እሱ ነው።

ረቂቅሽን በአንድ ፈተና እናሳልፈው። ከጎረቤትሽ ልጅ ፎቶ ሥር ብናደርገው ይሠራል ወይ? «ጊዜው እንዴት ይሮጣል» ይሠራል። «የዓይኔ ብርሃን» ይሠራል። «ሌሊቱን ሙሉ ያላስተኛችኝ» የማንም ሕፃን ነው። «የትምህርትን ደጅ ረገጠች» በዚያ ሰሞን ደጅ ለረገጠ ሕፃን ሁሉ ይሆናል። ውሸት ስለሆነ አይደለም የማወጣው። ሁሉም እውነት ነው፣ ሁሉም ከልብሽ ነው። ግን ሚሚ ውስጡ የለችም። አንቺም ያልሽው ይኼንኑ ነው፤ የሌላ ሰው ጽሑፍ የመሰለሽ ስለሌለችበት ነው።

ሌላም የሚያስቸግር ነገር አለው። በስድስት መስመር ውስጥ ሦስት ሰው ታናግሪያለሽ። መጀመሪያ ስለ ልጅሽ ለእኛ ታወሪያለሽ፣ «ረገጠች» ብለሽ። ከዚያ ወደ እሷ ትዞሪና «አግኚው» ትያለሽ። ከዚያ ወደ ላይ ቀና ብለሽ ፈጣሪን ታመሰግኛለሽ። አጭር ጽሑፍ ይኼን ሁሉ መዞር አይችልም። አንዱን ምረጪ።

ለልጅቷ በቀጥታ መጻፍ አሁን ፋሽን ሆኗል፤ እኔ ግን ብዙ አልወደውም። ሚሚ ማንበብ አትችልም፣ ፌስቡክም የላትም። ስለዚህ አንባቢው እናት ልጇን ስትመክር በመስኮት የሚያይ ሰው ይሆናል፤ እናትየውም መታየቷን ታውቃለች። ጉራ የሚመስለው ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው። ስለ እሷ ለሰው ስታወሪ ግን ቡና ላይ እንደማውራት ነው፣ ማንንም አይከብድም። እንግዲህ «ሄደች»፣ «ተኛች»፣ «አለች» እያልሽ ጻፊ።

ምርቃቱን በተመለከተ ደግሞ፣ ለእኛ ተዪልን። «እደጊ ተመንደጊ» የአስተያየት ሰጪው ድርሻ ነው። አክስቶችሽ አሉ፣ የሠፈር ሰው አለ፣ ከአንቺ ጋር ስምንተኛ ክፍል የተማረች ጓደኛሽ አለች። «ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ» ለማለት ጣታቸውን አሹለው የሚጠብቁ ናቸው። አንቺ ሁሉንም መርቀሽ ከጨረስሽ ለእነሱ ልብ መጫን ብቻ ነው የሚቀራቸው። «ተመስገን» ማለትሽ ካልቀረ በይ፤ እናት ነሽ፣ አይከለከልም። መጨረሻ ላይ ለብቻዋ አንዲት ቃል ትሁን። አምላኬ ሆይ ብለሽ መስመር አታርዝሚባት።

አሁን ወደ ጫማው። መጀመሪያ እንደመጣልሽ፣ ሳትሳሺ ብትጽፊው እንዲህ ይመጣል፦

«ልጄ ሚሚ ለትምህርት ቤት የተገዛላትን አዲስ ጥቁር ጫማ በጣም ስለወደደችው ማታ ማታ ትራሷ ሥር ሸጉጣ ስትተኛ ከርማ ዛሬ የመጀመሪያ የትምህርት ቀኗ ስለሆነ አድርጋው ሄደች።»

ክፉ አይደለም፤ ሚሚ ገብታበታለች። ግን አረፍተ ነገሩ ትንፋሽ ያሳጥራል። አማርኛ ማሰሪያውን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ አንባቢ ይኼን ሁሉ ተሸክሞ «ሄደች» እስኪመጣ ይጠብቃል። ስለዚህ እየቆረጥን እንሂድ።

«ልጄ» ይውጣ። በአንቺ ገጽ ላይ ነው ያለው፣ የማን ልጅ ትሆናለች? «ለትምህርት ቤት የተገዛላትን» ይውጣ፣ ዩኒፎርሙ ይናገራል። «ጥቁር» ይውጣ፣ ይታያል። «በጣም ስለወደደችው» የግድ ይውጣ፣ ጽሑፉን የሚያበላሸው እሱ ነው። ትራስ ሥር ሸጉጦ የሚተኛ ሰው እንደወደደው አንባቢ ራሱ ይደርስበታል፤ አንቺ ቀድመሽ ከነገርሽው ግን የመድረሱን ደስታ ወሰድሽበት። «የመጀመሪያ የትምህርት ቀኗ ስለሆነ» የሚለውን «ዛሬ» ብቻዋን ትሸከመዋለች። ከዚያ አንዱን ረጅም አረፍተ ነገር ሁለት ቦታ እንቁረጠው፦

«ሚሚ አዲሱን ጫማዋን ትራሷ ሥር ሸጉጣ ስትተኛ ከረመች። ዛሬ አድርጋው ሄደች።»

ይኸው ነው። ኩራትሽ የት ሄደ ካልሽኝ፣ «አድርጋው ሄደች» ውስጥ አለ። አንዲትም የሙገሳ ቃል የለበትም፤ ግን ይኼን ያነበበች እናት ሁሉ ጉሮሮዋ ላይ ሳግ ይመጣል። ጉራ ነው የሚልሽም ሰው አይኖርም፣ ምክንያቱም ስለ ጫማ ነው ያወራሽው።

እዚህ ላይ «ግን አነሰ፣ ሰው ምን ይላል» የሚል ነገር ይመጣብሻል። አውቃለሁ። አጭር ነገር ስንጽፍ ስስት የሠራን ይመስለናል። አትጨምሪበት። የስልክ ስክሪን ራሱ ረጅሙን ይቆርጠዋል። ኢንስታግራም እስከ 2,200 ፊደል ይፈቅዳል፣ ቴሌግራም ከፎቶ ሥር 1,024 ይፈቅዳል። መፍቀዱን ይፈቅዳሉ፣ ኢንስታግራም ላይ ግን ሳይነካ የሚታየው መጀመሪያ ያለው አንድ ሁለት መስመር ነው። ፌስቡክም ሲረዝምበት ያጥፈውና «ተጨማሪ» የሚል ያስቀምጥበታል። ያንን የሚነካው ዘመድ ነው። ረቂቅሽ ውስጥ ቅድሚያውን የያዘው «ጊዜው እንዴት ይሮጣል» ነበር፤ የአብዛኛው ሰው ዓይን እሱን አይቶ ነበር የሚያልፈው።

ጫማውን የላከው አባቷ ከሆነ ደግሞ አንድ ቃል ቀይሪ። ደብዳቤሽ ላይ «ተገዛላት» ብቻ ነው ያልሽው፣ ማን እንደገዛው አልነገርሽኝም። እሱ ከሆነ፦

«ሚሚ አባቷ የላከላትን ጫማ ትራሷ ሥር ሸጉጣ ስትተኛ ከረመች። ዛሬ አድርጋው ሄደች።»

አየሽ፣ ሰውዬው ዱባይ ሆኖ ፎቶው ውስጥ ገባ። «አባቷ በስደት ሆኖ ይኼን ቀን ባለማየቱ» ብለሽ ብትጽፊ ሰው ያዝንላችኋል፤ እሱም ሲያነበው ይከፋዋል። «የላከላትን» ስትይ ግን የሠራው ነገር ነው የተነገረለት። እሱ ካልላከው ግን እንዳታስገቢው፤ ቤተሰብ ያውቃል፣ ነገ አማትሽ «የቱ ጫማ?» ይላሉ።

ቀኑን ጨምሪበት። ፌስቡክ የሚያስቀምጠው የፈረንጁን ቀን ነው፤ ከዓመታት በኋላ መስከረም ስንት እንደነበር ማስላት ሊኖርብሽ ነው። ከሥር ለብቻዋ በአንዲት መስመር መስከረም ይኼን ያህል፣ ዓመተ ምሕረቱን ጨምረሽ አስቀምጪ። በእንግሊዝኛ ፊደል አማርኛ እንዳትጽፊም አደራ። የጂቦርድ ኪቦርድ አማርኛ አለው፣ ከሴቲንጉ ውስጥ ቋንቋውን መጨመር ብቻ ነው። ልጅቷ ሀ ሁ ልትቆጥር በሄደችበት ቀን እናቷ በላቲን ፊደል ስትጽፍ ደስ አይልም። ስታድግም አንብባው እንድትስቅ ነው የምንፈልገው። ምልክትና ሥዕል፣ እነዚያ ልብና ኮከብ፣ ከፈለግሽ አንድ ይበቃል። እንደ ሰርግ መኪና አታንቆጥቁጪው።

እንግዲህ ይኼ ሁሉ ሆኖ፣ የጫማውን እንደ ተቀማጭ ያዢው እንጂ ከአሁኑ አትወስኚ። ቀኑ ገና አልመጣም። ጠዋት የተሻለ ነገር ሊሰጥሽ ይችላል፤ አራት ዓመት ልጅ ከቤት ወጥታ በር እስክትደርስ ብዙ ታወራለች። ያን ቀን ካሜራውን ቶሎ አስቀምጪና ስሚያት። አንዳንዷ «ማታ ትመጪልኛለሽ?» ትላለች። አንዳንዷ ስለ ምሳ ዕቃዋ ብቻ ነው የምትጨነቀው፤ ፓስታው ካልተደረገልኝ አልሄድም ብላ ደጃፍ ላይ ትቆማለች። ያለችውን ቃል በቃል፣ ሳታሳምሪ፣ ስልክሽ ላይ ያዢው፤ እስከ ማታ ይጠፋብሻል። ካፕሽኑ የእሷ ንግግር ብቻ ሊሆን ይችላል። የእኔ ብጤ አሳራሚ ሊያሻሽለው የማይችለው እሱን ነው። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ፣ ያላለችውን አታስብዪያት። «እማዬ፣ ተምሬ እክስሻለሁ» አለች የሚል ካፕሽን ስንቴ አንብቤያለሁ! አራት ዓመት ልጅ እንደዚያ አታወራም፤ ያነበበው ሁሉ ያውቃል።

ኮዳውም ይጠባበቃል። ባዶውን ሲዞር የከረመ ኮዳ ዛሬ ውሃ ሲሞላበት ሚሚ ምን ትላለች? ከበደኝ ብላ ብትጥለው ወይም ለአንቺ ብታሸክምሽ፣ «ኮዳዋ ዛሬ ውሃ ነበረበት። በሩ ድረስ እኔ ያዝኩላት።» ብለሽ መጻፍ ትችያለሽ። ይኼ ከጫማውም ሊበልጥ ይችላል። ግን ከሆነ ብቻ ነው።

ብታለቅስስ? ልታለቅስ ትችላለች፤ ዘራፊ እንደሚነጥቀው ሰው ቀሚስሽን ጨብጣ አለቅም ልትል ትችላለች። በዚያ ሰዓት ፎቶ አታንሺ። አንስተሽም ከሆነ አታውጪው። ለእኛ የሚያስቅ ነው፣ ለእሷ ግን አልነበረም፤ አሥር ዓመት ሲሞላት የክፍል ጓደኛ አግኝቶት መቀለጃ ያደርጋታል። ጠዋት ቤት ደጃፍ የተነሳችውን ተጠቀሚ። ስለ ለቅሶው መጻፍ ከፈለግሽ የራስሽን ጻፊ። «እሷ ገባች፣ እኔ አለቀስኩ» የሚለው ግን ተበልቷል፤ በየዓመቱ መስከረም ገጹን ይሞላዋል። ከዚያ ይልቅ ከበሩ ስትመለሺ ምን እንዳደረግሽ ይሻላል። ታክሲ ውስጥ ቦታ ይዘሽላት እንደሆነ፣ ቤት ገብተሽ የሁለት ሰው ምሳ አቅርበሽ እንደሆነ።

«እኔ ያላገኘሁትን አንቺ አግኚው» የሚለው ላይ ትንሽ ልቁም። ረቂቅሽ ውስጥ የአንቺ የሆነው አረፍተ ነገር እሱ ብቻ ይመስለኛል። ምን እንዳላገኘሽ አልነገርሽኝም፤ ክፍል አቋርጠሽ ይሆናል፣ ጭራሽ አልገባሽም ይሆናል። እሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ከ«የዓይኔ ብርሃን» ጋር ተሰልፎ መግባት አልነበረበትም። ለዚህች ቀን ካፕሽን ግን አላስገባውም። አንደኛ፣ ገና ኬጂ ለገባች ልጅ ዕዳ ይሆናል፤ «ዶክተር ሁኚ»ም እንደዚሁ። ሁለተኛ፣ ካስገባሽው ሰው ልጅቷን ትቶ አንቺን ማየት ይጀምራል፤ አስተያየቱም «አይዞሽ» ይሆናል። ያን ቀን «አይዞሽ» አይደለም የምትፈልጊው። እሱን ለብቻው፣ ከፎቶ ነፃ አድርገሽ፣ በሌላ ቀን ጻፊው። ቦታውን ከታች እነግርሻለሁ።

ስለ አማትሽ። «ዓይን ይበላታል» ሲሉ አትሳቂባቸው፤ ባታምኚበትም እንኳ የሚሉት ነገር ውስጥ የሚሰማ አለ። የማያውቃት ሰው የልጅቷን መልክ፣ ስሟን፣ የምትማርበትን ቦታ በአንድ ፎቶ ለምን ያገኛል? የዩኒፎርሙ ደረት ላይ ያለውን ባጅ እዪው። የትምህርት ቤቱ ስም ተጽፎበታል። ከኋላዋ የግቢው በር ላይ ያለው ሰሌዳ ስሙን ይደግመዋል። ሰርቪሱ ከቆመ ታርጋው ይነበባል። ካፕሽንሽ ላይ ሙሉ ስሟን ከነአባት ካከልሽበት ጨርሰሻል። ልጅቷ የምትወጣበትን ሰዓት ደግሞ ሠፈሩ ያውቀዋል።

ስለዚህ ፎቶውን ቤታችሁ በር ላይ አንሺ፣ የቤት ቁጥሩ ሳይገባ። ባጁ ላይ እጇን ታሳርፍበት፣ ወይም ቦርሳውን ደረቷ ላይ ታቅፈው፤ ልጆች ያንን ይወዱታል። ካልሆነ ስልክሽ ላይ ቁረጪው። «ሚሚ» የቤት ስም ስለሆነ ይበቃል። ከክፍል ጓደኞቿ ጋር የተነሳችው ፎቶ ካለ፣ የሌሎቹን እናቶች ሳትጠይቂ አታውጪው። ፌስቡክ ላይ ከመለጠፍሽ በፊት ከስምሽ ሥር ያለውን ተመልከቺ፤ ፐብሊክ ከሆነ ወደ ጓደኞች ብቻ አዙሪው። ቦታ አመልክት ሲልሽም እለፊው። ለዘመድ በቴሌግራም ስትልኪ እንደ ፎቶ ላኪ፤ እንደ ፋይል ከላክሽው ጥራቱ አይወርድም፣ ግን ስልክሽ ቦታ የሚመዘግብ ከሆነ የተነሳበት ቦታ አብሮ ሊሄድ ይችላል።

ለእኔ ግን ከሁሉም የተሻለው ፎቶ ሌላ ነው፤ አማትሽም የሚስማሙበት ይመስለኛል። ከኋላዋ አንሻት። ቦርሳው ከጀርባዋ ሰፍቶ፣ ሹሩባዋ ተሠርቶ፣ ጫማው ከሥር እየታየ ስትሄድ። ወይም ዝቅ ብለሽ ጫማውን ብቻ፣ ከነካልሲው። ፊቷ የለም፣ ዓይን የሚበላው ነገር የለም። ካፕሽኑ ደግሞ ከመቼውም በላይ ይሠራል፣ ምክንያቱም «አድርጋው ሄደች» ሲል አንባቢው እየሄደች ያያታል። የፊቷን ፎቶ ለቤተሰብ አስቀሪው። አንዱን ደግሞ ፎቶ ቤት ወስደሽ አሳጥቢና ለአማትሽ ስጫቸው። ግድግዳቸው ላይ ከሰቀሉት ቁጣው በዚያው ያልቃል። ጀርባው ላይ ቀኑን በእስክሪብቶ ጻፊበት፤ የፎቶው ወረቀት የሚያንሸራትት ከሆነ እስክሪብቶው ስለሚለቅ ለደቂቃ አድርቂው።

የተረፈውስ የት ይሂድ? ከካፕሽኑ ያስወጣሁብሽ ሁሉ፣ ሌሊቱ፣ ማህፀኑ፣ ያላገኘሽው፣ ዶክተር ሁኚው፣ ማለት የምትፈልጊው ነገር ነው፤ ታፍኖ መቅረት የለበትም። አንባቢው ግን አንድ ሰው ነው፤ እሱም ዱባይ አለ። ለአባቷ አጭር ነገር አትላኪለት። እሱ ማወቅ የሚፈልገው ሁሉንም ነው። ስንት ሰዓት እንደተነሳች፣ ምን እንደበላች፣ ማን እንደሸኛት፣ መምህሯ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነች፣ ስትመለስ ምሳ ዕቃዋ ውስጥ ምን እንደተረፈ። ረቂቅሽን እንዳለ ብታነቢለት እንኳ ደስ ይለዋል፤ ለሱ «የቤቴ ድምቀት» ባዶ ቃል አይደለም፣ ቤቱን ያውቀዋል።

እዚያ በዋትስአፕ መደወል ስለማይሠራ በቦቲም የምትደዋወሉ ይመስለኛል። የድምፅ መልእክትና ፎቶ ግን በዋትስአፕም ይደርሳል። ድምፅ ቀድተሽ ላኪለት። ሚሚም ራሷ ጥቂት ታውራው። ዱባይ ከእኛ በአንድ ሰዓት ስለሚቀድም፣ አንቺ ልጅቷን አድርሰሽ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ብትመለሺ እሱ ጋ ሦስት ተኩል ነው፤ ሥራ ላይ ይሆናል። የተቀዳ ድምፅ ከሆነ በእረፍቱ ከፍቶ ይሰማዋል። ፌስቡኩን ከዚያ በኋላ፣ እሱ ከሰማ በኋላ ለጥፊው። የልጁን የመጀመሪያ ቀን ከሌላ ሰው አስተያየት ሥር ማየት የለበትም። የጫማዋን ቁጥርም በዚያው ንገሪው፤ በዚህ ዕድሜ እግር ቶሎ ያድጋል፣ ምናልባት ፋሲካ ላይ ይጠባታል።